የደበዘዘ የአማርኛ የቤተሰብ ደብዳቤን ከፎቶግራፍ ላይ ማንበብ

በእጅ የተጻፉ የድሮ የአማርኛ ደብዳቤዎች ንባብ፣ በተለይ ዋናው ወረቀት በሌለበትና ፎቶግራፉ ብቻ በቀረበት ጊዜ፣ ራሱን የቻለ መመሪያ እምብዛም ያልተጻፈለት ሙያ ነው። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ደብዳቤዎች ተፈልገው ታትመዋል፤ ስዊድናዊው የታሪክ ምሁር ስቬን ሩበንሰን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ደብዳቤዎች ከነምስላቸው ማሳተማቸው የሚጠቀስ ነው። አባት ለልጁ፣ እኅት ለወንድሟ የጻፈችው ግን በሣጥን ሲቀመጥ ኖሮ ዛሬ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ከዘመድ ለዘመድ ይተላለፋል። ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የሚያተኩረው ከ1900ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. በተጻፉት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የቤተሰብ ደብዳቤዎች ጥቂት ሲሆኑ በአብዛኛው በቁም ጸሐፊ እጅ የተጻፉ ስለሆኑ ለንባብ ይቀላሉ።

ስለ ፎቶግራፉ

ንባቡ የሚጀምረው ፎቶው ምን ያህል መረጃ እንደያዘ በማወቅ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚይዝ ምስል ላይ 4 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል 47 ፒክስል ያህል ይሆናል፤ ከዚህ ብዙ ካነሰ የፊደሉ አካል ቢታይም ቅጥያው አይለይም። በመልእክት መላኪያ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ስለሚጨመቅ፣ ላኪው ምስሉን እንደ ፋይል አድርጎ እንደገና እንዲልክ መጠየቅ ከማንኛውም ማስተካከያ ይቀድማል።

ቀጥሎ የቀለሙ ዓይነት ይታያል። በጥላሸት የተሠራው የሀገራችን ጥቁር ቀለም ብርሃን አያደበዝዘውም፤ የሚጎዳው በመርገፍ ነው። ሌሎቹ ግን ሲደበዝዙ የተለያየ ጠባይ ስላላቸው ምስሉን ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ምስሎች ከፍሎ ማየት ይጠቅማል (በImageJ ፕሮግራም `Image > Color > Split Channels` የሚለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል)። ወደ ቡናማ የተለወጠ ጽሑፍ በሰማያዊው ምስል ላይ፣ ሐምራዊ ቀለም በአረንጓዴው ላይ፣ ሰማያዊ ቀለም ደግሞ በቀዩ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ቀዩ ምስል የቢጫና የቡናማ እድፍን ስለሚያጠፋ ሰማያዊ ቀለም ባለበት እድፋም ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ ቡናማ ጽሑፍ ላይ ግን እድፉንም ጽሑፉንም አብሮ ያጠፋል። ወረቀቱ አሁንም በዘመድ እጅ ካለ፣ ከኋላው ጥቁር ወረቀት አንጥፎ ማንሣት የጀርባው ጽሑፍ ወደፊት እንዳይታይ ያደርጋል፤ ብርሃኑን ከአንድ ጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት ደግሞ የብዕሩን ጭረት ጥላ ያወጣዋል።

መክፈቻው እንደ ቁልፍ

በመጀመሪያ መነበብ ያለበት መልእክቱ አይደለም፤ ሰላምታው ነው። የአማርኛ ደብዳቤ መግቢያ ቃሉ ስለሚታወቅ የጸሐፊውን እጅ ሳይገምቱ ለመማር ያስችላል። «ይድረስ ለ…» ብሎ ይጀምርና «እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ወደሚለው ይሻገራል። በዚህች አጭር ሐረግ ውስጥ ነ፣ ና፣ ኔ፣ ን እና ኝ በአንድ ጸሐፊ እጅ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ደ ከድ፣ ሰ ከስ፣ መ ከም፣ ገ ከግ ጋር የሚነጻጸሩትም እዚያው ነው። እያንዳንዱን ፊደል ከምስሉ ቆርጦ በአንድ ገጽ ላይ በየተራ ማስቀመጥ የጸሐፊውን የራሱን ፊደል ገበታ ይሰጣል፤ በኋላ የሚነሣ ክርክር ሁሉ ወደዚህ ገበታ ይመለሳል።

ይህን ደረጃ መዝለል የተለመደው የስሕተት ምንጭ ነው። አንባቢው የታተመ ፊደል በዓይኑ ይዞ ይመጣና የሚያየውን ከዚያ ጋር ያመሳስላል፤ ኀ የተገለበጠ ነ መስሎ፣ በችኮላ የተጻፈ መ ደግሞ ወ መስሎ ያልፈዋል።

የሚጠፋው ቅጥያ

በደበዘዘ ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ መስመር ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ትርጉም የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀጭን መስመር ነው። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ እና ጀ ከሰ፣ ከተ፣ ከነ፣ ከከ፣ ከዘ እና ከደ የሚለዩት በራሳቸው ላይ ባለው ምልክት ስለሆነ፣ እርሱ ሲጠፋ «ልጅ» ተለውጦ «ልድ» ይሆናል። በተመሳሳይ የኃምስ ቀለበት ሲሞላ ወይም ሲቆረጥ ሌ ሊ ይመስላል፤ የፀ የውስጥ መስመር ሲደበዝዝም ዐ ብቻ ይቀራል። «ልድ» የሚባል ቃል ስለሌለ አንባቢው ወዲያው ይነቃል። አደገኛው ሁለቱም ንባብ ቃል ሲሆን ነው።

ለማሳያ ያህል አንድ መስመር እንውሰድ፦ «ወ/ማርያም፡ በሬውን፡ ለአጎቱ፡ ሰጠው»። የመጨረሻው ቃል እንደሚታየው «ሰጠው» ነው ወይስ የራሱ ምልክት የጠፋበት «ሸጠው»? በሬ ለዘመድ ይሰጣል፤ ለዘመድ ይሸጣልም፤ ስለዚህ ከትርጉሙ ብቻ መወሰን አይቻልም። በአንደኛ መደብ ቢሆን ኖሮ «ሰጠሁት» እና «ሸጥሁት» በሁለተኛው ፊደል ስለሚለያዩ ጥርጥሩ ባልተነሣ ነበር፤ በሦስተኛ መደብ ግን ልዩነቱ ያ አንድ መስመር ብቻ ነው።

መፍትሔው ሌላ ቦታ፣ ንባቡ በእርግጠኝነት በሚታወቅባቸው ቃላት ላይ፣ ያው ዓይነት ምልክት መትረፍ አለመትረፉን መመርመር ነው። «ነኝ» የሚለው ቃል በሰላምታው ውስጥ አለ፤ «ልጅ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ይገኛል። በእነዚህ ላይ የኝና የጅ ራስ ምልክት ከታየ፣ በ«ሰጠው» ላይ አለመታየቱ ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። እዚያም ከጠፋ ግን የምልክቱ አለመኖር ምንም አያስረዳም፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ፎቶ መፈለግ ይገባል። አግድም መስመር የሚፈለግ ስለሆነ ዝቅ ያለው ብርሃን ከወረቀቱ ራስጌ ወይም ግርጌ መምጣት አለበት፤ ከግራ ወይም ከቀኝ የመጣ ብርሃን በመስመሩ አቅጣጫ ስለሚሄድ ጥላውን አያወጣም። ከቃሉ በኋላ «በ፵ ብር» የሚል ቢገኝ ጉዳዩ ወደ ሽያጭ ያዘነብላል፤ ያም ሆኖ ምልክቱ ካልታየ በግልባጩ ላይ «[ሸ]ጠው» ተብሎ መጻፍ እንጂ ያለ ቅንፍ መታለፍ የለበትም። የጠፋን በማዕዘን ቅንፍ፣ የተፈታ አሕጽሮትን በክብ ቅንፍ ማስቀመጥ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የላይደን ስምምነት በሚባለው የተለመደ የጥንት ጽሑፍ አዘጋጆች አሠራር ነው።

ለዛሬ አንባቢ እንግዳ የሚሆኑ ፊደላትም አሉ፤ እነርሱን እንደ ስሕተት መቁጠር አይገባም። ቈየ፣ ጐበዝ፣ ጕዳይ፣ ቍጥር የሚሉት በትክክል የተጻፉ ናቸው፤ እንዲያውም ድምፁን ከዛሬው አጻጻፍ በተሻለ ይዘዋል። በከ ፈንታ ኸን የሚጽፉም ነበሩ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ሲቀያየሩ ግልባጩ እንዳለ ይያዘው ወይስ ይስተካከል በሚለው ላይ አዘጋጆች አይስማሙም፤ እንዳለ መያዙ የጸሐፊውን ትምህርትና አነጋገር ስለሚጠብቅ ይሻላል ማለት ይቻላል።

አሕጽሮትና ቍጥር

የአሕጽሮቱ መርህ ቀላል ነው፦ የቃሉ መጀመሪያ ይጻፋል፣ እዝባር ይደረጋል፣ መጨረሻው ይከተላል፤ ወ/ሮ፣ መ/ር፣ ጠ/ግዛት፣ ክ/ሀገር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዘመንን ይጠቁማሉ፤ «ክፍለ ሀገር» በደርግ ጊዜ «ጠቅላይ ግዛት»ን የተካ ስያሜ ስለሆነ ክ/ሀገር የሚል ደብዳቤ በንጉሡ ዘመን የተጻፈ ሊሆን አይችልም። ቍጥርም እንደ ቃል ያገለግላል፦ ፩ድ «አንድ»፣ ፶ አለቃ «ሃምሳ አለቃ» ነው፤ ይህ ልማድ በግእዝ መጻሕፍት ከሚገኘው ፫ቱ (ሠለስቱ) ከሚለው የመጣ ነው።

ስም ሲሆን ይከብዳል። ገ/ ገብረ፣ ኃ/ ኃይለ ተብሎ ይፈታል፤ ተ/ ግን ተክለ ወይም ተስፋ፣ ወ/ ደግሞ ወልደ ወይም ወለተ ሊሆን ይችላል። ከላይ ባለው መስመር «ሰጠው» በወንድ አንቀጽ ስለተነገረ ወ/ማርያም ወልደ ማርያም ነው፤ «ሰጠችው» ቢል ወለተ ማርያም በሆነ ነበር። ጸሐፊው ሰውየውን አክብሮ «ሰጡት» ቢል ግን አንቀጹ ጾታውን ይደብቃልና አከባበራችን ለአንባቢ ችግር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ በሌላ መስመር «ወንድሜ» ወይም «እኅቴ» የሚል መፈለግ ይቀራል።

በቀን ላይ ፮ እና ፯ በእጅ ጽሑፍ በጣም ይመሳሰላሉ። አንድ ደብዳቤ «ረቡዕ በሚካኤል ዕለት በኅዳር ፲… ቀን ፲፱፻፳…» ይላል እንበል፤ የቀኑ የመጨረሻ ምልክት ጠፍቷል፣ የዓመቱ የመጨረሻ ምልክት ደግሞ ፮ ወይም ፯ ነው። ሚካኤል በየወሩ በ12 ስለሚውል ቀኑ ፲፪ ነው። መስከረም 1 ቀን 1926 ሰኞ፣ በ1927 ደግሞ ማክሰኞ ዋለ፤ ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 12 ያለው 71 ቀን ዐሥር ሳምንት ከአንድ ቀን ስለሆነ ኅዳር 12 በ1926 ማክሰኞ፣ በ1927 ረቡዕ ይውላል። ስለዚህ ዓመቱ ፲፱፻፳፯ ነው። ደብዳቤው ዘመነ ወንጌላዊውን ከጠቀሰ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይገኛል፦ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው፤ 1926 ዘመነ ማርቆስ፣ 1927 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ዕለቱና ወንጌላዊው ካልተስማሙ ከሁለቱ አንዱ በተሳሳተ መንገድ ተነቧል ወይም ጸሐፊው ራሱ ተሳስቷል፤ ያኔ ግልባጩ ሁለቱንም ምልክቶች እንደታዩ ይዞ በዓመቱ ስር ጥርጥሩን የሚገልጽ ነጥብ ማኖር ይገባዋል።