የስክሪን ቪዲዮ መልእክት ምንድን ነው?

የሥራ ባልደረባችሁ ከእናንተ የ10 ሰዓት ልዩነት ባለው አገር ትሠራለች እንበል። እናንተ ላፕቶፕ ስትዘጉ እሷ ገና ከእንቅልፏ ትነሳለች። በቀጥታ ለመነጋገር ከሁለት አንዳችሁ እንቅልፍ ማጣት አለባችሁ። በጽሑፍ ብቻ እንጨርሰው ካላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ሙሉ ቀን ይፈጃሉ።

የስክሪን ቪዲዮ መልእክት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚታየውን እያሳያችሁ፣ ድምፃችሁን እያሰማችሁ አጭር ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ። ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ክብ ውስጥ ፊታችሁ ይታያል። እንደ ሉም ያሉ መሣሪያዎች ቀረጻው ሲያልቅ ሊንክ ይሰጧችኋል፤ እሱን መላክ ነው። ኦቢኤስን በመሰለ ፕሮግራም ከቀረጻችሁ ግን ፋይሉን ራሳችሁ የሆነ ቦታ መጫን አለባችሁ። ባልደረባችሁ በራሷ ሰዓት ታየዋለች፣ ያልገባትን መልሳ ታያለች፣ መልሷን ትልካለች።

አስቸጋሪው ነገር ቀረጻው አይደለም። ተመልካቿ እናንተን አቋርጣ «ቆይ፣ ምን ማለትህ ነው?» ልትል አትችልም። ስለዚህ አንድ ነገር ከጎደለ የሚባክነው አንድ ደቂቃ ሳይሆን አንድ ቀን ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የድረ ገጽ የትእዛዝ ፎርም የሚሠራ ዲዛይነር አለ። ከፎርሙ ላይ የስልክ ቁጥር መጠየቂያውን ማውጣት ይፈልጋል፤ የምትወስነው ግን ባልደረባው ናት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ሰላም፣ እንዴት ነሽ፣ ዛሬ የሠራሁትን ላሳይሽ» ብሎ ይጀምርና ሳምንቱን ሙሉ የሠራውን ይተርካል። ጥያቄው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ እሷ የምታየውን ለምን እንደምታየው አታውቅም። የሚሻለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መናገር ነው፦ «ከአንቺ የምፈልገው አንድ ውሳኔ ነው፤ የስልክ ቁጥሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» ከዚያ የድሮውን ፎርም እየሞላ ያሳያል። አዲሱንም እንደዚሁ። ስልኩ ከወጣ ዕቃ አድራሹ ደንበኛውን በምን እንደሚያገኘው ይናገራል፣ እሱ ራሱ የቱን እንደሚመርጥም ይጨምራል። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

መጨረሻ ላይ ቀነ ገደብ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «እስከ ነገ ንገሪኝ» ማለት አይሠራም። ቪዲዮውን ስታየው የእሱ «ነገ» ለእሷ ዛሬ ሊሆን ይችላል። «ሐሙስ በአንቺ ሰዓት ከሥራ ከመውጣትሽ በፊት፤ መልስ ካልመጣ ስልኩን አላወጣውም» ይበላት። አሁን ዝም ብትል እንኳ ሥራው አይቆምም።

ከቀረጻ በፊት የሚታዩ ጥቂት ነገሮች አሉ። ብሮውዘሩን ወደ 150 በመቶ አሳድጉት፤ በናንተ ስክሪን የሚነበብ ፊደል በትንሽ የቪዲዮ መስኮት ላይ አይነበብም። ፊታችሁ ያለባትን ክብ የምታሳዩት ነገር ወደሌለበት ጥግ ጎትቷት። ታች በስተግራ ከተቀመጠች የፎርሙን «ላክ» ቁልፍ ልትሸፍነው ትችላለች፣ እናንተም «ይሄን ተጫኚ» ስትሉ እሷ የምታየው ፊታችሁን ነው። አንድ ታብ ብቻ መርጣችሁ እየቀረጻችሁ ወደ ሌላ ታብ ከሄዳችሁ ደግሞ እሷ የመጀመሪያው ላይ ትቀራለች፤ ሁለት ገጽ የምታወዳድሩ ከሆነ መስኮቱን በሙሉ ቅረጹ። ኖቲፊኬሽን ዝጉ። የእውነተኛ ደንበኛ ስምና ስልክ የሞላበት ፎርም አታሳዩ፤ የሙከራ መረጃ ሙሉበት። ሊንኩን ማን ሊከፍተው እንደሚችልም ሴቲንጉ ውስጥ እዩ።

ማይኩን በ10 ሰከንድ ቀረጻ ሞክሩት፣ መልሳችሁም ስሙት። ኮምፒውተሩ የጆሮ ማዳመጫችሁን ትቶ የራሱን ማይክ ሊመርጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከድምፃችሁ ይልቅ ኪቦርዱ ይሰማል።

ስትናገሩ ከተደናቀፋችሁ ግን ደግማችሁ አትቅረጹ። አርማችሁ ቀጥሉ። አንድ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ለማሳመር ግማሽ ሰዓት ከፈጀባችሁ መጻፉ ይሻል ነበር።

ሊንኩ ስር ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፦ ጥያቄው፣ አማራጮቹ፣ ቀነ ገደቡ። ከወር በኋላ «ስልኩ ለምን ወጣ?» ተብሎ ሲፈለግ ጽሑፉ በቀላሉ ይገኛል። ውሳኔው ሲመጣም እዚያው ስር ይጻፍ።

ቪዲዮው እንደሠራ ወይም እንዳልሠራ የሚታወቀው በመልሱ ነው። «ይውጣ፣ ግን ኢሜይሉን ግዴታ አድርገው» የሚል ከመጣ ሠርቷል። «አየሁት፣ ጥሩ ነው» ካለች ጥያቄው አልደረሳትም። «እንደዋወል» ካለች ደግሞ ነገሩ ለቪዲዮ አይመችም ይሆናል። ሁለት ሰው የማይስማማበት ጉዳይ ወይም ሥራውን የሚነቅፍ ከባድ አስተያየት፣ አንዳችሁ ቢያመሽም እንኳ፣ በቀጥታ መነጋገር ይፈልጋል። በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር ከሆነ ደግሞ ያንኑ መስመር ጻፉላት።