«ሶስት ቀን ሞከርኩት፣ አይሰራም»፦ ለሴንሲቲቭ ጥርስ ስለሚሆነው የጥርስ ሳሙና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዶክተር፣ ቀዝቃዛ ነገር ስጠጣ ጥርሴን ይነዝረኛል። ለሴንሲቲቭ ጥርስ የሚባለውን የጥርስ ሳሙና ገዝቼ ሶስት ቀን ተጠቀምኩበት፣ ምንም ለውጥ የለም። ዝም ብሎ ማሻሻጫ ነው አይደል?»

አይደለም። ቱቦውን ገልበጥ አድርገህ የሚሰራው ንጥረ ነገር ምን እንደሆነ አንብብ። «ፖታሲየም ናይትሬት 5%» የሚል ከሆነ ነገሩ በባህሪው ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው። የመጀመሪያው ለውጥ የሚታየው ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ ነው፣ ደህና ለውጥ ለማየት ደግሞ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፣ ያውም በቀን ሁለቴ ሳይቋረጥ። ይሄን ክሊኒክ ውስጥ ስንቴ እንዳወራሁት እግዜር ይወቀው። ሰዉ ሶስት ቀን ይሞክርና ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል፣ ከዛ ሌላ ይገዛል፣ እሱንም ሶስት ቀን፣ ከዛ መጥቶ «ሁሉንም ሞክሬያለሁ» ይለኛል። አንዱንም አልሞከርክም እኮ!

«እንደ ህመም ማስታገሻ ወዲያው መስራት አለበት»

የሁሉም ጣጣ ምንጭ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ለምን እንደሚነዝርህ። የጥርስ ውጪኛው ጠንካራ ሽፋን ኢናሜል ነው፣ ነርቭ የለውም፣ አያምም። ከሱ ስር ያለው ዴንቲን ግን ከላይ እስከ ጥርሱ ውስጠኛ ክፍል (ፐልፕ) ድረስ የሚዘልቁ በአይን የማይታዩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች የሞሉበት ነው፣ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ ወደ ፐልፑ በኩል ባለው ጫፋቸው ደግሞ የነርቭ ጫፍ አለ። ድድህ ሲሸሽ ወይ ኢናሜሉ ሲሳሳ የቀዳዳዎቹ አፍ ይገለጣል። ከዛ ቀዝቃዛ ሲነካው ፈሳሹ ተኮማትሮ ወደ ውጪ ይሳባል፣ ያ እንቅስቃሴ ነርቩን ይነካዋል፣ አንተም ትዘላለህ። ይሄን በደንብ ያስረዳው ብራንስትሮም የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ አሁንም ድረስ በሰፊው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ የሱ ነው።

ፖታሲየም ናይትሬት ፈሳሹንም ቀዳዳውንም አይነካም። ስራው ከነርቩ ጋር ነው። ነርቭ መልእክት የሚልከው ከውስጡና ከውጪው ባለው የጨው መጠን ልዩነት ነው፣ ፖታሲየም ውስጡ ብዙ ነው፣ ውጪው ጥቂት። አንዴ መልእክት ከላከ በኋላ ፖታሲየም ወደ ውጪ ወጥቶ ነርቩ እንደገና መዘጋጀት አለበት፣ ልክ የአይጥ ወጥመድ አንዴ ከተፈናጠረ መልሰህ ካላጠመድከው እንደማይሰራው። ከሳሙናው የመጣው ፖታሲየም በነርቩ ዙሪያ ሲጠራቀም ልዩነቱ ይጠባል፣ ወጥመዱ በደንብ አይጠመድም፣ ቀዝቃዛው ቢመጣም ነርቩ እንደድሮው አይጮህም።

አሁን ለምን እንደሚዘገይ ግልጽ ነው መሰለኝ። ፖታሲየሙ በዛ ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ ነርቩ ጋ እስኪደርስ መጓዝ አለበት፣ በዛ ላይ በቀዳዳው ያለው ፈሳሽ ከውስጥ ወደ ውጪ ነው የሚገፋው፣ ማለትም የሚጓዘው ወንዙን ተቃርኖ ነው። የደረሰውንም ቢሆን የፐልፑ ደም እያጠበ ይወስደዋል። ስለዚህ ጠዋት ማታ እየጨመርክ ካልሄድክ መጠኑ አይጠራቀምም። አንድ ቀን ረስተህ ሁለት ቀን ትተህ «አልሰራም» ማለት አይቻልም።

ሀቁን ለመናገር ይሄ የነርቭ ማብራሪያ በአብዛኛው የመጣው ከእንስሳት ነርቭ ሙከራ ነው፣ በሰው ጥርስ ውስጥ ነገሩን በቀጥታ መለካት ከባድ ነው። በጥናቶቹም ተራ ሳሙና የተሰጣቸው ሰዎች ሳይቀሩ በደንብ ሻል ይላቸዋል፣ ጥርስ ላይ ፕላሴቦ፣ ማለት ይሰራል ብሎ በማመን ብቻ የሚመጣ መሻሻል፣ ሀይለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ግምገማ በፖታሲየም ሳሙናዎች ላይ ያለው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም ብሎ ነበር፣ ጥናቶቹም ትንንሽ ነበሩ። ግን እዛው ግምገማ ውስጥ በአየር ንፊያና በመንካት ሲለካ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ላይ ልዩነት ታይቷል፣ ከዛ በኋላ የወጡትም ወደ «ይሰራል» ያዘነብላሉ። እኔ የማምነው ይሰራል ብዬ ነው፣ ግን ተአምር አይደለም፣ ሰባት የነበረ ህመም ሁለት ሶስት ላይ ከወረደልህ ጥሩ ነው የሰራው።

አንዲት ታካሚ ነበረችኝ፣ ሰላሳ ምናምን አመቷ ነው፣ የላይኛው ግራ በኩል ከውሻ ጥርሷ ጀምሮ ሶስት ጥርስ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው ትጮሃለች። ሳያት ድዷ ሸሽቷል፣ የጥርሶቹ አንገት ቢጫ ሆኖ ወጥቷል፣ ምክንያቱም በጠንካራ ብሩሽ ወደ ጎን ትፈገፍጋለች፣ ቀኝ እጇን ስለምትጠቀም ደግሞ ግራው የበለጠ ተበልቷል። በአየር ነፋሁባቸው፣ ዘለለች። አንኳኳሁባቸው፣ ምንም። ራጅም ንጹህ ነበር። «ለሳምንት ሞክሬዋለሁ፣ አይሰራም» አለችኝ። ስንት ጊዜ በቀን? አንዴ፣ ማታ። ጠዋትስ? የጥርስ ማንጫ ሳሙና! ማንጫዎቹ አብዛኞቹ ሻካራ ናቸው፣ የተገለጠውን ዴንቲን የበለጠ ይፍቁታል፣ ማለት ማታ የምትሰራውን ጠዋት ታፈርሰዋለች።

ማንጫውን አስጣልኳት፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ያንኑ የፖታሲየም ሳሙና ጠዋትና ማታ፣ ዱቄት እንደመፍጨት ሳትፈገፍግ ቀስ አድርጋ ሁለት ደቂቃ። በየሳምንቱ እሁድ አንድ አይነት ቀዝቃዛ ውሃ እዛው በኩል ይዛ ከ0 እስከ 10 ነጥብ እንድትሰጥና እንድትጽፈው ነገርኳት። ሲጀመር 7 ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 6፣ «ያው ነው» ብላ ልትተወው ስትል አስቆምኳት። በአራተኛው 4። በስምንተኛው 2። ባትጽፈው ኖሮ መውረዱን አታስተውለውም ነበር፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ህመምን ማንም አያስታውሰውም። ከዛ ሻል ሲላት ተወችው፣ ወር ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ቀዳዳዎቹ እኮ አልተደፈኑም፣ ነርቩ ነበር ዝም ያለው።

«ነርቩን ይገድላል»

አይገድልም። ስታቆም የሚመለሰውስ ለምን ይመስልሃል?

«ፖታሲየም ናይትሬት ማዳበሪያና ባሩድ ውስጥ የሚገባ ነው፣ መርዝ ነው»

ይገባል፣ ስጋ ማቆያም ውስጥ ይገባል። 5% ሆኖ ብሩሽ ላይ ተደርጎ የሚተፋ ነገር ነው፣ አትብላው ብቻ። ከ12 አመት በታች ላሉ ልጆች ግን ሳይጠይቁ አለመስጠት።

«ሴንሲቲቭ የሚል ከሆነ ሁሉም አንድ ነው»

አይደለም፣ እዚህ ላይ ሰዉ በጣም ይሳሳታል። ሁለት መንገድ ነው ያለው። አንደኛው እስካሁን ያወራነው፣ ነርቩን ዝም የሚያሰኘው። ሁለተኛው ቀዳዳውን የሚደፍነው ነው፣ እዛ ላይ ስታነስ ፍሎራይድ፣ አርጂኒን ከካልሲየም ካርቦኔት ጋር፣ ወይም ስትሮንሺየም የሚሉ ስሞች ታገኛለህ። የሚደፍኑት ቶሎ ሊሰሩ ይችላሉ፣ አንዳንዶቹን በጣት ጥርሱ ላይ አሽተህ ወዲያው ቀለል ሊልህ ይችላል። ከጎረቤትህ ሰምተህ የፖታሲየሙን በጣትህ እያሸህ ወዲያው መጠበቅ ግን ከንቱ ድካም ነው። ስታነስ ፍሎራይድ አንዳንዱን ሰው ጥርሱ ላይ ቡናማ ነገር ያስይዘዋል፣ ሲጸዳ ይለቃል፣ አትደንግጥ። ስምንት ሳምንት በትክክል ተጠቅመህ በፖታሲየሙ ለውጥ ካላየህ ወደሚደፍነው ዙር፣ ወደ ሌላ የፖታሲየም ሳሙና አይደለም። የመረጥከው ፍሎራይድ እንዳለውም እይ፣ የተገለጠ የጥርስ አንገት በቀላሉ ይበሰብሳል።

«ከተፋሁ በኋላ በደንብ መጉመጥመጥ አለብኝ»

ትፋው በቃ። ወዲያው በውሃ ካጠብከው ፍሎራይዱንም አብረህ ነው የምታጥበው። ሎሚ ወይ ለስላሳ መጠጥ ከወሰድክ ደግሞ ግማሽ ሰአት ያህል ሳትቆይ አትቦርሽ፣ አሲዱ ጥርሱን ያለሰልሰዋል፣ ከዛ ላይ መፈግፈግ መላጥ ነው።

«ጥርስ ካመመኝ ይሄ ሳሙና ይበቃኛል»

ይሄ ነው በጣም የሚያስፈራኝ። ይሄ ሳሙና የሚሆነው ቀዝቃዛ ወይ ጣፋጭ ወይ አየር ሲነካው ሽው ብሎ ለሚያምና ነገሩ ሲነሳ ወዲያው ለሚጠፋ ህመም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ በላይ ጥርስ ላይ። ቀዝቃዛውን ከዋጥክ በኋላ ህመሙ እየጠዘጠዘ ከቀጠለ፣ ትኩስ ነገር ካስነሳው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ካነቃህ፣ ወይ ስትነክስ አንድ ጥርስ ላይ ብቻ ከወጋህ ነገሩ ሌላ ነው፣ የበሰበሰ ጥርስ ወይ ስንጥቅ ወይ የተቆጣ ነርቭ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው መጣ፣ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ሲነክስ ይወጋዋል፣ አራት ወር በሴንሲቲቭ ሳሙና ሲቦርሽ ቆይቷል። ጥርሱ ተሰንጥቆ ነበር። ሲመጣ ገና ቀዝቃዛ ብቻ ሲያመው ቢሆን ክራውን የሚባለውን የጥርስ ሽፋን አልብሰነው እናልፍ ነበር፣ እሱ ግን የመጣው ሌሊት መተኛት ሲያቅተው ስለሆነ ነርቩን ማውጣት ግድ ሆነ። ሳሙናው ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አንብቦት ቢሆን ቀደም ብሎ ይመጣ ነበር፣ ብዙዎቹ ላይ ከአራት ሳምንት በላይ ያለ ሀኪም ምክር አትጠቀም ይላል። ይሄ ሳሙናው ጉዳት ስላለው አይደለም፣ እንደሱ አይነቱ ሰው አራት ወር ቤቱ እንዳይቀመጥ ነው። የነዘረህ ጥርስ ላይ ሌላ ችግር እንደሌለ አስቀድመህ ከታየህ ግን ከሀኪምህ ጋር ተነጋግረህ ከዛ በላይ ትቀጥላለህ።