ሀዋሳ ላይ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት፦ የሆቴሉ ርቀት ከየት እስከ የት ነው የተለካው?

«ከኤርፖርት 9 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። ቅርብ ነው ማለት ነው።»

ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። የሚለካው ግን እንደ አሞራ በረራ ነው። ብዙዎቹ የሆቴል መያዣ ገጾች ከሆቴሉ እስከ ኤርፖርቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምሩና የመስመሩን ርዝመት ይጽፋሉ። ይህንንም አንዳንዴ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ያስታውቃሉ።

ሜዳ ላይ በተዘረጋ ከተማ ይህ ብዙም አይጎዳም። ሀዋሳ ላይ ግን መሃል ላይ ሐይቅ አለ። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው፤ ኤርፖርቱ ደግሞ ማዶ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል። መስመሩ ውሃውን ሰንጥቆ ያልፋል። መኪናችሁ ግን ወደ ከተማው መግቢያ፣ ጥቁር ውሃ ወደሚባለው ሰፈር ወጥቶ፣ ሐይቁን በሰሜን ዞሮ ነው የሚደርሰው።

ከዚህ የሚመጣውን ነገር ልብ በሉት። አንድ ሆቴል አሞራ ገደል አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር አለ እንበል። ሌላው ጥቁር ውሃ፣ ከተማው መግቢያ ላይ ነው። በቀጥታ መስመር ከለካችሁ የሐይቁ ዳሩ ሆቴል ለኤርፖርቱ የቀረበ ሆኖ ይታያል። በመንገድ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የሐይቁ ዳሩ እንግዳ ከተማውን አቋርጦ ጥቁር ውሃ ድረስ ይመጣና ከዚያ የጥቁር ውሃውን እንግዳ መንገድ ይቀጥላል። «ከኤርፖርት ቅርብ የሆነውን አስቀድምልኝ» ብላችሁ ሆቴሎቹን በርቀት ብትደረድሩ፣ ዝርዝሩ የሩቁን ከላይ ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል። እኔም አንድ ጊዜ በጠዋት በረራ ቀን ይህንን የተማርኩት ታክሲ ውስጥ ሰዓቴን እያየሁ ነው።

ማጣራቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጉግል ካርታ ላይ የሆቴሉን ቦታ በጣታችሁ ተጭናችሁ ቆዩ። ከሚመጡት ምርጫዎች Measure distance የሚለውን ንኩና ካርታውን እስከ ኤርፖርቱ ጎትቱት። ድረ ገጹ ከጻፈው ጋር ከተቀራረበ ቁጥሩ የቀጥታ መስመር ነው። ከዚያ Directions ብላችሁ በመኪና ያለውን መንገድ እዩ። የታክሲ ዋጋ የምትነጋገሩትም፣ ከሆቴል የምትነሡበትን ሰዓት የምታሰሉትም በሁለተኛው ቁጥር ነው።

«ከመሃል ከተማ 800 ሜትር ካለ፣ መሃል ከተማ ነዋ።»

የማን መሃል? የሀዋሳ ሰው መሃል ሲል ፒያሳን ሊል ይችላል፣ የገብርኤልን አደባባይ ሊል ይችላል። ድረ ገጹ ግን የራሱ አንድ ነጥብ አለው። ያ ነጥብ የከተማው ስም ካርታው ላይ የተጻፈበት ቦታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ነጥቡን ለማግኘት እዚያው ገጽ ላይ «ከመሃል 100 ሜትር» ወይም «200 ሜትር» የሚል ሆቴል ፈልጉና ካርታ ላይ እዩት። የእነሱ መሃል እሱ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ቁጥር እርሱት። ጉዳያችሁ መናኸሪያ ከሆነ ከመናኸሪያ፣ ፍቅር ሐይቅ ከሆነ ከፍቅር ሐይቅ ራሳችሁ ለኩ።

«ካርታው ላይ ምልክቱ አለ እኮ፣ ምን ማጣራት ያስፈልጋል?»

ምልክቱን ያስቀመጠው ሰው ነው፣ ወይም አድራሻውን አንብቦ የገመተ ፕሮግራም ነው። የእኛ አድራሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ከእንትን ባንክ ጀርባ» ነው። ፕሮግራሙ ይህን ማንበብ ሲያቅተው ምልክቱን ከተማው መሃል ጥሎት ይሄዳል። ያን ጊዜ ርቀቶቹ ሁሉ አብረው ይሳሳታሉ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የሆቴሉን ስም ጉግል ካርታ ላይ ለብቻው እፈልጋለሁ። ሁለቱ ምልክቶች ካልተገጣጠሙ የሳተላይቱን ምስል ከፍቼ ከሆቴሉ ፎቶዎች ጋር አስተያያለሁ። ጣሪያው፣ መዋኛው፣ ፊት ለፊት ያለው አስፋልት ይመሳሰላል? ከበረንዳው ሐይቁ ይታያል እያለ ምልክቱ ከታቦር ተራራ ጀርባ ከወደቀ አንዱ ትክክል አይደለም። የቦታው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ከተጻፈም አሃዞቹን እዩ። 7.05, 38.47 ዓይነት፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ያለው ከሆነ እስከ ግማሽ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። አራት አሃዝ ካለው ግን የሚስተው በሜትሮች ነው፤ ያም ቢሆን መጀመሪያውኑ ትክክለኛው ቦታ ላይ ከተወሰደ ነው።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ ሆቴሉ ጋ ደውሉና «እባክዎ፣ በር ላይ ቆመው ሎኬሽን በቴሌግራም ይላኩልኝ» በሉ። ያ ምልክት ከድረ ገጹ ከራቀ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ርቀቱን እንደገና ከእሱ ተነሥታችሁ ለኩ።

«የተጻፈው በደቂቃ ከሆነስ? 10 ደቂቃ ይላል።»

በምን? በእግር፣ በባጃጅ፣ በመኪና? በስንት ሰዓት? ይህ ካልተጻፈ ደቂቃውን እንደሌለ ቁጠሩትና መንገዱን ራሳችሁ፣ በምትሄዱበት ሰዓት እዩት።