ፓኬቱ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፒንግ ሳደርገው ይመልሳል እኮ! ታዲያ መንገዱ ክፍት ነው»

ይህን ያለኝ ባሕር ዳር የጀልባ ጉዞ የሚያስይዝ ወዳጄ ነው። የማስያዣ ሲስተሙ ሐይቁ ዳር ካለው ቢሮው ውስጥ በተቀመጠ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ፣ በፖርት 8443 ይሠራል። ቢሮ ያሉት ሠራተኞች ያለ ችግር ይገባሉ። ጎርጎራ ያለችው ሠራተኛ ግን በስልኳ ሆትስፖት ስትሞክር ገጹ ይሽከረከር ይሽከረከርና ያቋርጣል።

ፒንግ ፖርት የሚባል ነገር አያውቅም። ሌላም አለ። ከጎርጎራ ሆና ፒንግ የምታደርገው የቢሮውን የውጭ አድራሻ ነው፤ መልሱን የሚሰጣት ደግሞ ራውተሩ ራሱ ነው። ሰርቨሩ ተነቅሎ መኪና ላይ ተጭኖ ቢሄድም ፒንጉ መመለሱን አያቆምም።

«የፕሮግራሙ ሎግ ባዶ ነው። ምንም አልመጣም ማለት ነው»

ግንኙነት ሲጀመር መጀመሪያ የሚመጣው ሲን የሚባል ትንሽ ፓኬት ነው። ሰርቨሩ ሲን-አክ ይመልሳል፣ ደንበኛው አክ ይልካል። ይህን ሁሉ የሚጨርሰው የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ነው፤ ፕሮግራሙ ወሬውን የሚሰማው ሦስቱም ካለቁ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲኑ ደርሶ እዚያው ቢቀር የፕሮግራሙ ሎግ ላይ አንድ መስመር አይጻፍም። ሎጉ ማን ቤት እንደገባ ይነግራችኋል እንጂ ማን ደጅ እንደቆመ አይነግራችሁም።

«ቲሲፒደምፕ ምንም ካላሳየ ፓኬቱ አልደረሰም»

እዚህ ላይ የተሸወድኩት እኔው ነኝ። ሠራተኛዋ የላፕቶፗን አድራሻ በስልክ አነበበችልኝ። እኔም ሰርቨሩ ላይ፣ የሚገባና የሚወጣውን ፓኬት በሚያሳየው ቲሲፒደምፕ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦

```
sudo tcpdump -i eth0 -nn host 192.168.43.20
```

«እስቲ ሞክሪው» አልኳት። ሞከረች። ስክሪኑ ጭጭ አለ። ሳቆመው «0 packets captured» አለኝ። በሙሉ ልብ ወደ ወዳጄ ዞሬ «ችግሩ ከኛ አይደለም፣ ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ደውል» አልኩት። ደግነቱ መስመሩ ተይዞበት ቶሎ አልደወለም።

ስህተቴ ምን ነበር? 192.168.43.20 የስልኳ ሆትስፖት ለላፕቶፑ የሰጠው የውስጥ አድራሻ ነው። ፓኬቱ ባሕር ዳር እስኪደርስ መንገድ ላይ ይቀየራል። ሰርቨሩ የሚያየው ሌላ፣ የውጭ አድራሻ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ጭራሽ በማይመጣ ስም እየተጣራሁ ነበር ማለት ነው።

በአድራሻ ሳይሆን በፖርት ማጣራት ይሻላል። ኢንተርፌሱንም አትገምቱ፣ `any` በሉት፦

```
sudo tcpdump -i any -nn 'tcp port 8443'
```

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንዳንድ ራውተር ከውጭ በ8443 የመጣውን ወደ ውስጥ ሲያስተላልፍ ፖርቱን ወደ 443 ይቀይረዋል። እንደዚያ ከሆነ የምታጣሩት ውስጥ ባለው ቁጥር ነው። የራውተሩን የማስተላለፊያ ገጽ ከፍታችሁ እዩት።

ከዚያ ከሞካሪው በፊት ራሳችሁን ፈትሹ። ቢሮ ያለ አንድ ሰው ገጹን ከፍቶ መስመሮቹ መምጣታቸውን ተመልከቱ። ያ ከታየና የውጩ ካልታየ ዝምታው ማስረጃ ይሆናል። ያ ራሱ ካልታየ ግን የታወረው ትእዛዛችሁ ነው። የቢሮው ሰው ሲመጣ ስላየሁት ሌሎቹ ገጹን ለጥቂት ደቂቃ እንዲዘጉ ጠይቄ ሠራተኛዋን «አሁን!» አልኳት። ይህ መጣ (አሳጥሬዋለሁ፣ የውጭ አድራሻውንም ለምሳሌ በሚሆን ቀይሬዋለሁ)፦

```
14:05:11 In IP 203.0.113.45.51022 > 192.168.1.10.8443: Flags [S]
14:05:12 In IP 203.0.113.45.51022 > 192.168.1.10.8443: Flags [S]
14:05:14 In IP 203.0.113.45.51022 > 192.168.1.10.8443: Flags [S]
14:05:18 In IP 203.0.113.45.51022 > 192.168.1.10.8443: Flags [S]
```

`[S]` ሲን ነው። አራቱም ከአንድ ፖርት፣ ከ51022 ነው የመጡት። አራት ሙከራ ሳይሆን አንዱ ሙከራ እየተደጋገመ ነው። ክፍተቱን እዩት፦ 1 ሰከንድ፣ 2 ሰከንድ፣ 4 ሰከንድ። መልስ ያጣ ኮምፒውተር እንዲህ እየታገሠ ነው የሚያንኳኳው። መልሱ፣ ማለትም `[S.]`፣ የትም የለም።

«እሺ፣ ቲሲፒደምፕ ላይ ከታየማ ፋየርዎሉ አሳልፎታል»

ብዙ ሰው፣ ልምድ ያለውም ጭምር፣ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ግቢ አለ እንበል፣ በር ላይ ዘበኛ አለ። ቲሲፒደምፕ ከበሩ ውጭ የተሰቀለ ካሜራ ነው። እንግዳው ሲመጣ ካሜራው መጀመሪያ ይቀርጸዋል፣ ዘበኛው የሚመልሰው ከዚያ በኋላ ነው። በሊኑክስ የሚገባ ፓኬት ለቲሲፒደምፕ የሚታየው የሰርቨሩ ፋየርዎል ሳይነካው ነው። የሚወጣው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ፋየርዎሉ ያስቀረው መልስ ካሜራው ጋ አይደርስም። (ኤክስዲፒ በሚባለው መንገድ የሚጣል ፓኬት ሲገባም ላይታይ ይችላል፤ ተራ የቢሮ ሰርቨር ላይ ግን እምብዛም አያጋጥምም።) ራውተሩ ላይ ያለው ፋየርዎል ደግሞ ሌላ በር ነው። እሱ ያስቀረውን የሰርቨሩ ካሜራ አያየውም።

ስለዚህ እነዚያ አራት መስመሮች ያረጋገጡት ሲኑ ሰርቨሩ ደጅ መድረሱን ብቻ ነው። አቅራቢውም ራውተሩም ነፃ ወጡ። በፖርቱ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ባይኖር ከርነሉ ዝም አይልም፤ `[R.]`፣ ማለትም ሪሴት ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ያለ ፍጹም ዝምታ ብዙ ጊዜ የፋየርዎል ጠባይ ነው። የሰርቨሩ ፋየርዎል UFW የሚባለው ነው፤ የጣለውን ለማየት የከርነሉን ሎግ አየሁ፦

```
sudo journalctl -k | grep 'UFW BLOCK'
```

`SRC=203.0.113.45` እና `DPT=8443` ያለበት መስመር ቁጭ ብሏል። ሰዓቱም ገጠመ። ከሳምንት በፊት አንድ ሰው ፋየርዎሉን ሲያበራ 8443ን የፈቀደው ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ ነበር። `sudo ufw allow 8443/tcp` ብዬ ሠራተኛዋን ደግማ እንድትሞክር ጠየቅኋት። አሁን `[S]`፣ `[S.]`፣ `[.]` ተከታትለው መጡ።

በእናንተ ሎግ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ባይኖርስ? ሰርቨሩ ሁለት የኢንተርኔት መስመር ካለው `rp_filter`ን ጠርጥሩ። ፓኬቱ መልሱ ሊወጣበት ከሚችለው ሌላ በር ከገባ ከርነሉ ቃል ሳይተነፍስ ሊጥለው ይችላል።

«Connection refused ካለ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ሰርቨሩ እምቢ ብሎታል»

ከአንድ ሳምንት በኋላ ያችው ሠራተኛ ለሥራ ዘጌ ሄደች። ካረፈችበት ቤት ዋይፋይ ስትሞክር `Connection refused` አላት። ወዳጄ «ፋየርዎሉን ነካካችሁት እንዴ?» ብሎ ደወለልኝ። ሰርቨሩ ላይ ያንኑ ትእዛዝ ከፍቼ አስሞከርኳት። ምንም ሲን የለም፣ የቢሮው ግን ይታያል። ላፕቶፗ ላይ በዋየርሻርክ ይህን ማጣሪያ አስጻፍኳት፦

```
tcp.port == 8443
```

ሲኑ ይወጣል፤ በ2 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሪሴት ይመለሳል። በሞባይል ዳታ ሆና የሰርቨሩ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ደርሶ አያውቅም ነበር። በ2 ሚሊሰከንድ የሚመልስ ነገር እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ነው። በሰርቨሩ ስም እምቢ ያለው የዋይፋዩ ራውተር ነበር። ላፕቶፗ ላይ ብቻ ብናይ ሰርቨሩን እንወቅሰው ነበር፤ ሪሴቱ የሚመጣው የሰርቨሩን አድራሻ ላኪ አድርጎ ነውና። ወደ ሆትስፖቷ ስትመለስ እኔ ጋ `[S]` ብቅ አለ።