ኮንትሮለርን ወደ ዲጂታል ስንቀይር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በባይሊኒየር ዘዴ ከቀየርኩት መረጋጋቱ አብሮ ይተላለፋል።»

የኮንትሮለሩ መረጋጋት አዎ፣ የሉፑ ግን አይደለም። ባይሊኒየር ወይም ቱስቲን የምንለው ዘዴ s ባለበት ቦታ (2/T)(z−1)/(z+1) ያስገባል፤ T በሁለት ሳምፕሎች መካከል ያለው ጊዜ ነው። የግራው ግማሽ ሜዳ በሙሉ ወደ አሃዱ ክብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለብቻው የተረጋጋ ኮንትሮለር ከተቀየረ በኋላም ይረጋጋል። ችግሩ ኮንትሮለር ለብቻው አለመሥራቱ ነው።

ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። የምንቆጣጠረው ነገር፣ ማለትም ፕላንቱ፣ 1/s ነው፤ ውሃ የሚሞላ ታንክ እንበለው። ኮንትሮለሩ K የሚባል አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በተከታታይ ጊዜ የሉፑ ፖል −K ላይ ስለሚቀመጥ K የቱንም ያህል ቢያድግ ሉፑ አይናወጥም። አሁን ወደ ኮምፒውተር እናምጣው። K ውስጥ s የለም፤ ስለዚህ በየትኛውም ዘዴ ብንቀይረው ያው K ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ያወጣው ትእዛዝ እስከሚቀጥለው ሳምፕል ድረስ እንዳለ ይቆያል፤ ይህ ዜሮ ኦርደር ሆልድ ይባላል። ታንኩም ለኮምፒውተሩ T/(z−1) ሆኖ ይታየዋል፤ የሉፑ ፖል ደግሞ 1−KT ይሆናል።

K = 10 ይሁን። T 0.05 ሰከንድ ሲሆን ፖሉ 0.5 ነው፤ ሰላም ነው። በ0.15 ፖሉ −0.5 ይሆናል፤ ወዲያና ወዲህ እያለ ይረጋጋል። በ0.2 ልክ −1 ላይ ይደርሳል። በ0.25 ፖሉ −1.5 ነው፤ ስህተቱ በየሳምፕሉ ምልክቱን እየቀየረ አንድ ተኩል እጥፍ ያድጋል። ይህን በማትላብ ማየት ይቻላል፦

```
Gd = c2d(tf(1,[1 0]), 0.25, 'zoh');
pole(feedback(10*Gd, 1))
```

ትክክለኛው ፍተሻ ይህ ነው፦ ፕላንቱን በዜሮ ኦርደር ሆልድ ቀይሮ፣ ከዲጂታሉ ኮንትሮለር ጋር አገናኝቶ የሉፑን ፖሎች ማየት። የኮንትሮለሩን ፖል ብቻ አይቶ «አለቀ» ማለት አይሠራም።

«ሃርድዌሩ ራሱ ዜሮ ኦርደር ሆልድ ስለሆነ ኮንትሮለሩም በዚያው ይቀየር።»

ይህ ስህተት ምክንያታዊ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሸወዳል። ዜሮ ኦርደር ሆልድ ልክ የሚሆነው ግቤቱ የእውነት እንደ ደረጃ እየዘለለ ሲመጣ ነው። የፕላንቱ ግቤት እንደዚያ ነው፤ ከዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያው የሚወጣ ነውና። ወደ ኮንትሮለሩ የሚገባው ስህተት ግን ከሴንሰር የሚመጣ ለስላሳ ሲግናል ነው። እዚያ ላይ ሆልድ ሲደረግ የሌለ ደረጃ ይፈጠራል።

ዋጋው በኢንቴግሬተር ላይ በግልጽ ይታያል። በቱስቲን የተቀየረ ኢንቴግሬተር ፌዙ ልክ −90 ዲግሪ እንደሆነ ይቀራል። በሆልድ የተቀየረው ግን በዚያ ላይ የግማሽ ሳምፕል መዘግየት ይጨምራል። ክሮስኦቨሩ 10 ራዲያን በሰከንድ፣ T ደግሞ 0.05 ቢሆን፣ ግማሽ ሳምፕል 0.25 ራዲያን ነው፤ ወደ 14 ዲግሪ። 45 ዲግሪ የነበረ ፌዝ ማርጂን በሃርድዌሩ ሆልድ 31 ይሆናል፤ ይህ አይቀሬ ነው። ኮንትሮለሩንም በሆልድ ከቀየሩት ወደ 16 ይወርዳል። ፕሮግራሙ ያሰላውን በሚቀጥለው ሳምፕል ላይ የሚልክ ከሆነ ደግሞ ሙሉ T ይጨመራል፤ 29 ዲግሪ ገደማ። ያኔ ማርጂኑ ያልቃል፣ ሉፑም ይናወጣል። በቱስቲን እንኳ 2 ዲግሪ ብቻ ነው የሚተርፈው። (ግቤቱን በቀጥታ ወደ ውጤት የሚያሳልፍ ክፍል ባለው ኮንትሮለር፣ ለምሳሌ በሊድ፣ ከሆልድ የሚመጣው ለውጥ ልክ ግማሽ ሳምፕል አይሆንም፤ ለየብቻ ማስላት ይሻላል።)

«ፕሪዋርፒንግ ከጨመርኩ ይስተካከላል።»

ፕሪዋርፒንግ የኮንትሮለሩን ምላሽ በአንድ ድግግሞሽ ላይ ብቻ ያገጥማል። ከላይ ባለው ምሳሌ የቱስቲን መዛባት ወደ 2 በመቶ ነው። የበላን መዘግየት እንጂ እሱ አይደለም። ለኖች ፊልተር ግን ይጠቅማል።

«እንግዲያው ቱስቲን ሁልጊዜ ይበልጣል።»

ዴሪቬቲቭ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። s ን ለብቻው በቱስቲን ከቀየሩት ፖሉ z = −1 ላይ ይቀመጣል። ስህተቱ አንዴ ከ0 ወደ 1 ቢዘልና እዚያው ቢቆይ፣ ውጤቱ 2/T፣ −2/T፣ 2/T እያለ ማብቂያ የለውም። የጊዜ ቋሚው τ የሆነ ፊልተር ሲጨመር ፖሉ (2τ−T)/(2τ+T) ይሆናል። T 0.01 ሆኖ τ 0.001 ከሆነ −0.67 ይመጣል፤ ይረጋጋል፣ ግን ይንቀጠቀጣል። በሆልድ ቢሆን ፖሉ e^(−T/τ) ነው፤ መቼም አሉታዊ አይሆንም።

ይህን በፕላንቱ ውጤት ላይ ብቻ ቢፈልጉት ላያገኙት ይችላሉ። ታንክ ወይም ሞተር ፈጣኑን መንቀጥቀጥ ያለዝበዋል፤ ቫልቩ ግን እየተጎዳ ነው። የኮንትሮለሩን ትእዛዝ ሳምፕል በሳምፕል ያውጡት። በየሳምፕሉ ምልክቱን የሚቀይር ከሆነ −1 አካባቢ ፖል አለ። ያኔ τ ን ከT/2 በላይ ማድረግ ወይም ዴሪቬቲቩን ብቻ በባክዋርድ ኦይለር መቀየር ነው።