ጉርምስና ቀድሞ ሲመጣ ቁመት ለምን ያጥራል?

“ከክፍሏ ሁሉ ረጅም ናት፤ እንዴት አጭር ትቀራለች ይሉኛል?” እዚህ ድሬ ይህን የሚጠይቁ ወላጆች ብዙ ናቸው።

ሳቢያን የምትኖር የ6 ዓመት ልጅ እናስብ። ጡቷ ማደግ ጀምሯል። ጉርምስና በሴት ከ8፣ በወንድ ከ9 ዓመት በፊት ከጀመረ ቀድሟል ይባላል። የግራ እጇ ራጅ ሲታይ አጥንቷ የ9 ዓመት ልጅ አጥንት ይመስላል። የጉርምስናው ሆርሞን አሁን ያስረዝማታል፤ ግን አጥንት የሚረዝምበትን ለስላሳ ጫፍ ቶሎ ይዘጋዋል። እኩዮቿ ገና ሲያድጉ እሷ ትቆማለች።

ጉርምስናን የሚያቆየው መርፌ ለቁመት የሚጠቅመው ከ6 ዓመት በፊት ለጀመራቸው ይበልጥ ነው። ከ6 እስከ 8 ባሉት ውጤቱ ይለያያል። ለውጡ አዝጋሚ ከሆነ ሐኪሙ ጥቂት ወራት ሊጠብቅ ይችላል። የእሷ አጥንት ግን 3 ዓመት ቀድሟል፤ ስለዚህ መርፌው ይታሰብላታል።

ከጀመረች በኋላ ጡቷ ማደጉን ካቆመና የአጥንቷ ሩጫ ከረገበ ሠርቷል ማለት ነው። የቁመት ጭማሪዋም ይቀንሳል። እናቶች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ፤ የተፈለገው ግን እሱው ነው።