ቪዲዮ ያለ ኢንኮዲንግ ሲቆረጥ፦ መነሻው ለምን ካላችሁት ሰከንድ ላይ አያርፍም?

ከረጅም ቪዲዮ ላይ አንድ ክፍል ለመቁረጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምስሉን ፈትቶ እንደገና ማመቅ ነው፤ ብዙዎች ኢንኮድ ማድረግ የሚሉት። ይሄ ጊዜ ይወስዳል፣ ኮምፒውተሩን ያስጨንቃል፣ ጥራቱንም በጥቂቱ ይነካል። ሁለተኛው የታመቀውን ዳታ ሳይነኩ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ወደ አዲስ ፋይል መገልበጥ ነው። የሁለት ሰዓት ቪዲዮ እንኳን ቢሆን ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ጥራቱም ከዋናው ፋይል ቅንጣት አይለይም።

በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። በትእዛዝ ለመሥራት ለሚመርጥ `ffmpeg` አለ። መስኮትና ቁልፍ ለሚፈልግ ደግሞ `LosslessCut` እና `Avidemux` አሉ። ሁሉም ላይ የሚሰማው ቅሬታ ግን አንድ ነው። ከ1፡36 ጀምር ተብሎ የታዘዘው ቪዲዮ ከ1፡31 ይጀምራል። ወይም ድምፁ በሰዓቱ ይመጣና ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ብዙ ሰው ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ያወርዳል፤ ሌላውም ያንኑ ይደግመዋል። ምክንያቱ ያለው ቪዲዮው ፋይል ውስጥ ነው።

ፍሬሞቹ በራሳቸው አይቆሙም

በ30 ፍሬም የተቀዳ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ሙሉ ፎቶ ይይዛል ብለን እናስባለን። እንደዚያ ቢሆን ፋይሉ አይቻልም ነበር። እንደ ኤች.264 ያሉ ኮዴኮች፣ ማለትም ቪዲዮ የማመቂያ ዘዴዎች፣ ሙሉ ምስል የሚያስቀምጡት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ይህ ሙሉ ምስል ኪፍሬም ይባላል። በኪፍሬሞች መካከል ያሉት ፍሬሞች የሚይዙት ለውጡን ነው። “ከበስተኋላ ያለው ግድግዳ እንዳለ ነው፣ እጁ ብቻ ወደ ቀኝ ሄዷል” እንደማለት። አንዳንዶቹ ከኋላቸው ካለፈው ፍሬም ብቻ ይበደራሉ። ሌሎቹ ገና ከሚመጣውም ይበደራሉ።

ስለዚህ መሃል ላይ ያለ አንድ ፍሬም ብቻውን ቢወጣ የሚያሳየው ነገር የለውም። እሱን ለማየት ማጫወቻው ከእሱ በፊት ካለው ኪፍሬም ተነስቶ እስከ እሱ ድረስ መፍታት አለበት። ኢንኮድ አድርጎ የሚቆርጥ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ፈትቶ አዲስ ኪፍሬም ይሠራል፤ ስለዚህ የትም ቢሆን መቁረጥ ይችላል። የሚገለብጠው ግን ምንም አይፈታም። ያለው ምርጫ ቀድሞ የተቀመጠ ኪፍሬም ላይ መጀመር ነው።

ታዲያ ኪፍሬሞቹ ምን ያህል ይራራቃሉ? ይሄ ቪዲዮውን በሠራው ሰው ወይም መሣሪያ ይወሰናል። በሰፊው የሚሠራበት `x264` ኢንኮደር ካልተነገረው በቀር እስከ 250 ፍሬም ድረስ ያለ ኪፍሬም ሊሄድ ይችላል። በ25 ፍሬም ቪዲዮ ላይ ይህ ድፍን 10 ሰከንድ ነው። ትዕይንቱ በድንገት ሲቀየር ግን ኢንኮደሩ ራሱ ኪፍሬም ይጨምራል። ለዚህ ነው ቶሎ ቶሎ ምስል የሚቀያየርበት የሙዚቃ ክሊፕ ለመቁረጥ የሚመቸው፤ አንድ መምህር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያስረዳበት ቅጂ ደግሞ የሚያስቸግረው።

አንድ ቅጂ ይዘን እንየው

እንዲህ ያለ የመምህር ቅጂ አለን እንበል። ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ፍሬም ነው፤ ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ኢንኮደሩም እንደ ልማዱ በየ250 ፍሬሙ ኪፍሬም አስቀምጧል። ከ1፡36 እስከ 2፡06 ያለውን ሠላሳ ሰከንድ ቆርጠን በቴሌግራም መላክ ፈለግን። በሰከንድ ከ96 እስከ 126 ማለት ነው። ከመቁረጥ በፊት ኪፍሬሞቹ የት እንዳሉ እንጠይቅ፦

```
ffprobe -v error -select_streams v:0 -read_intervals 80%130 -show_entries packet=pts_time,flags -of csv=p=0 in.mp4 | grep K
```

ዊንዶውስ ላይ በ`grep` ፋንታ `findstr` ይገባል። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ለእኛ የሚያስፈልጉን እነዚህ ናቸው፦

```
83.333333,K__
91.666667,K__
100.000000,K__
```

መልሱ እዚሁ አለ። 96ኛው ሰከንድ ላይ ኪፍሬም የለም። ቅርቦቹ 91.67 እና 100 ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው መነሻ ሰከንዱን የሚናገረው `-ss` የፋይሉን ስም ከሚያስገባው `-i` በፊት ወይም በኋላ መጻፉ ነው።

```
ffmpeg -ss 96 -i in.mp4 -t 30 -c copy out.mkv
```

`-ss` ከ`-i` በፊት ሲመጣ ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ከ96 በፊት ካለው ኪፍሬም፣ ማለትም ከ91.67 ይጀምራል። ድምፁም አብሮ ይመጣል፤ ስለዚህ ድምፅና ምስል አይዛነፉም። ክሊፑ ግን 30 ሳይሆን 34 ሰከንድ ከሲሶ ገደማ ይሆናል። ፊቱ ላይ ያልፈለግናቸው 130 ፍሬሞች አሉ።

```
ffmpeg -i in.mp4 -ss 96 -t 30 -c copy out.mkv
```

እዚህ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከ96 በፊት ያለው ሁሉ ይጣላል። የምስሉ ፍሬሞች ኪፍሬም እስኪመጣ ስለማይረቡ ከ96 እስከ 100 ያሉትም አብረው ይጣላሉ። ድምፁ ግን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። ኤኤሲ ድምፅ በ48 ኪሎኸርዝ ሲሆን የተከፋፈለው በግምት 21 ሚሊሰከንድ በሆኑ ትናንሽ ጥቅሎች ነው፤ የትኛውም ላይ ቢቆረጥ ጆሮ ልዩነቱን አይለይም። ስለዚህ ድምፁ በሰዓቱ ይጀምራል፣ ምስሉ አራት ሰከንድ ዘግይቶ ይመጣል። ያ ጥቁር ወይም የደረቀ ስክሪን ከዚህ የመጣ ነው።

እኔ ብመርጥ የመጀመሪያውን ነው። ትርፍ አራት ሰከንድ ከጎደለ አራት ሰከንድ ይሻላል።

የክሊፑ መጨረሻ ብዙም አያስቸግርም። ምስሉ መቆም የሚችለው ኪፍሬም ላይ ብቻ አይደለም፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ፍሬም ሊጎድል ወይም ሊተርፍ ይችላል። እዚህ ጋ የሚያጋጥመው ስህተት ሌላ ነው። `-ss`ን ከፊት አድርገን ከ`-i` በኋላ ማብቂያውን የሚናገረውን `-to 126` ብንጽፍ ሰዓቱ ከዜሮ እንደገና ስለሚቆጠር የሁለት ደቂቃ ክሊፕ ይወጣል። ወይ `-t 30` ማለት ነው፣ ወይ `-to`ንም ከ`-i` በፊት ማምጣት።

ሌላም ትንሽ ወጥመድ አለ። ኪፍሬሙ 91.666667 ላይ መሆኑን ያየ ሰው አሳጥሮ 91.66 ብሎ ይጽፋል። ያ ከኪፍሬሙ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይቀድማል። ፕሮግራሙም ታዞ ወደ 83.33 ይመለሳል፤ ስምንት ሰከንድ ተረፈ ማለት ነው። ወደ ላይ አጠጋግቶ 91.70 ማለት ይሻላል።

የግድ 96 ላይ ይጀምር ከተባለ

አንዱ መላ ጥቂቱን ብቻ ኢንኮድ ማድረግ ነው። በእኛ ምሳሌ ከ96 እስከ 100 ያሉት 120 ፍሬሞች ተፈትተው እንደገና ይታመቃሉ። ከ100 እስከ 126 ያለው እንዳለ ይገለበጣል። ከዚያ ሁለቱ ይጣበቃሉ። ስማርት ከት የሚባለው ይሄ ነው፤ `LosslessCut` ውስጥም በሙከራ ደረጃ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነው። አዲሱ ቁራጭ ከዋናው ጋር በምስል መጠን፣ በቀለም አቀማመጥና በኮዴክ ቅንብር ካልተመሳሰለ ማጫወቻው 100ኛው ሰከንድ ላይ ይደናገራል። ምስሉ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ይሆናል፣ ይበጣጠሳል፣ ወይም ይቆማል። ስለዚህ መጋጠሚያውን ከአንድ በላይ ማጫወቻ ላይ ሳያዩ መላክ አያዋጣም።

እውነቱን ለመናገር ለሠላሳ ሰከንድ ክሊፕ ይህን ሁሉ መልፋት አያስፈልግም። ሙሉውን ኢንኮድ ማድረግ ይቀላል፦

```
ffmpeg -ss 96 -i in.mp4 -t 30 -c:v libx264 -crf 18 -c:a aac out.mp4
```

የጥራቱ ልዩነት በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። መገልበጥ የሚያዋጣው ከሁለት ሰዓት ቅጂ ፊት ላይ “ድምፅ ይሰማል? ይሰማል?” የሚባልበትን አሥር ደቂቃ ለመጣል ሲሆን ነው። እዚያ ጋ አራት ሰከንድ ቢተርፍ ማንም አይጠይቅም።

ቀረጻው ገና ካልተጀመረ ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው። `OBS` ውስጥ የኪፍሬም ርቀቱን አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ፋይሉ በመጠኑ ቢተልቅም መቁረጫ ቦታው ይበዛል። እንደ `ProRes` ባሉ የኤዲቲንግ ፎርማቶች ሁሉም ፍሬም ኪፍሬም ስለሆነ ይህ ጣጣ ከነጭራሹ የለም። ፋይሉ ግን ዲስክ ይጨርሳል።

የተቆረጠው ያልተቆረጠ ሲሆን

ከላይ ውጤቱን `out.mkv` ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ትእዛዝ `out.mp4` ላይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ያሳያል። ክሊፑ ልክ 96 ላይ የጀመረ ይመስላል፤ ርዝመቱም 30 ሰከንድ ይላል። ኤምፒ4 ኤዲት ሊስት የሚባል ማስታወሻ መያዝ ይችላል። ማስታወሻው ማጫወቻውን “መጀመሪያ ያሉትን አራት ሰከንዶች ፍታቸው፣ ግን አታሳያቸው” ይለዋል። ማስታወሻውን የሚያከብር ማጫወቻ ያከብረዋል። የማያከብረው ከ91.67 ጀምሮ ያሳያል። አንድ ክሊፕ ስልክ ላይ በትክክል ጀምሮ ላፕቶፕ ላይ ቀድሞ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ነገሩ ይሄ ነው።

ይህ ከመዛነፍ የከፋ መዘዝ አለው። ሰው የሚቆርጠው ለማሳጠር ብቻ አይደለም። ቀረጻው ሲጀመር የተነገረ ስልክ ቁጥር፣ ስክሪን ላይ የታየ የይለፍ ቃል፣ ወይም ለሌላ ጆሮ ያልታሰበ ወሬ ለማስወገድም ይቆረጣል። በመገልበጥ የተቆረጠው ኤምፒ4 ውስጥ እነዚያ ሰከንዶች ከነድምፃቸው ተደብቀው ሊቀመጡ ይችላሉ። ከመላክ በፊት እንዲህ ማየት ይቻላል፦

```
ffplay -ignore_editlist 1 out.mp4
```

የተጣለው ክፍል ብቅ ካለ ፋይሉ ውስጥ አለ ማለት ነው። `-avoid_negative_ts make_zero` የሚለውን ትእዛዙ ላይ ብትጨምሩ ትርፉ አይደበቅም፤ በግልጽ ይታያል እንጂ አይጠፋም። እንዲጠፋ ከተፈለገ ወይ መነሻውን ወደ ቀጣዩ ኪፍሬም፣ በእኛ ምሳሌ ወደ 100 መግፋት ነው፣ ወይ ክሊፑን ኢንኮድ ማድረግ።